የሙሽሪት እህት ጽዋ ስታነሳ፦ ስለ ልጅነት ትዝታና ስለ አዲሱ አማች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታላቅ እህቴ ስታገባ ንግግር እንዳደርግ የተነገረኝ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ያኔ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሰርግ ካርድ በታተመ ቁጥር የሚደውሉልኝ ጓደኞችና የአክስት ልጆች በዙ። የሚጠይቁኝ ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔ የተናገርኩትንም ሙሉውን አስቀምጫለሁ፤ ምክር ብቻውን ብዙ አይረዳም።

በእኛ ሰርግ የሙሽሪት እህት የምትናገረው መቼ ነው?

ሁለት ቦታ አለ፤ በሰርጉ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ወይም በመልሱ ቀን። ምርጫው በእጅሽ ከሆነ መልሱን ምረጪ። በሰርጉ ዕለት አዳራሹ በእንግዳ ይሞላል፣ ግማሹ ሰው ምግብ ሊያነሳ ተሰልፏል፣ ዲጄው ሰዓቱን እያየ ነው፣ ቪዲዮ አንሺው ሙሽሮቹን ይዞ ሊወጣ ይቸኩላል። የአንድ ጫማ ወይም የአንድ ደብተር ታሪክ እዚያ ግርግር ውስጥ ይጠፋል።

መልሱ ግን የራሳችሁ ቤት ድግስ ነው። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው ወደ ሙሽሪት ወላጆች ሲመለሱ፣ ሙሽራው ትናንት በር ላይ «አናስገባም ሰርገኛ» የተባለበትን ቤት ዛሬ እንደ ልጅ ሆኖ ይገባበታል። በብዙ ቤት ለሙሽሮቹ የፍቅር ስም የሚወጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ «እንኳን ወደ ቤታችን መጣህ» የሚለው ቃል እዚያ ሲነገር ከሚሆነው ነገር ጋር ይገጥማል፤ ሰውየው በእርግጥ ገና መግባቱ ነውና።

አዳራሽ ውስጥ መናገርሽ ካልቀረ ሰው በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ጭፈራው ሳይጀመር ያለውን ክፍተት ጠይቂ። ከመድረክ መሪው ጋር ሰዓቱን አስቀድመሽ ተስማሚ። ከአባቶች ምርቃት በፊት ግን አትነሺ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ታናሽ ብርጭቆ ስታነሳ ማንም ላይናገርሽ ይችላል፣ ግን ያስተውላሉ።

ስንት ደቂቃ ይሁን?

አራት። ሲጻፍ ከአንድ ገጽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ ስታነቢው ከሦስት ደቂቃ ተኩል መብለጥ የለበትም፤ የቀረው የእልልታ ነው። እልልታ ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ብትሆኚም ቁሚ፣ እስኪያልቅ ጠብቂ፣ ከዚያ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ድገሚው። በእልልታ ላይ የምትናገሪው ቃል ለማንም አይሰማም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እልልታው የሚነሳው በጣም እንዲሰማ በፈለግሽው ቦታ ላይ ነው።

የልጅነት ትዝታዬ ብዙ ነው፤ የትኛውን ልምረጥ?

አንዱን ብቻ ምረጪ። የሁላችንም የመጀመሪያ ጽሑፍ አምስት ስድስት ትዝታ ይደረድራል፤ አብረን ሱዚ ዘለልን፣ ሰኞ ማክሰኞ ተጫወትን፣ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብለን ሰፈሩን ዞርን፣ በአንድ አልጋ ተኛን። ይህ ለአንቺና ለእህትሽ ሁሉም ሕያው ነው። ለሙሽራው ወገን ግን የማንም ልጅነት ነው፤ እነሱም አበባየሆሽ ብለው አድገዋል። የሚያዳምጥሽ ሁለት ቤተሰብ መሆኑን አትርሺ። አንዱ እህትሽን ከሕፃንነቷ ያውቃታል፣ ሌላው ገና ሊያውቃት ነው።

ትዝታው የሚሠራ መሆኑን የምታውቂው እህትሽ በውስጡ በእጇ አንድ ነገር ስታደርግ የምትታይ ከሆነ ነው። «ደግ ናት»፣ «ለእኔ እናት ማለት ናት» የሚለው ቃል ስለ ሁሉም ሙሽሪት ይነገራል። አንዲት ጓደኛዬ «እናቴ ማለት ናት» ከሚለው ወዲያ የምትጽፈው አልመጣላት ብሎ እኔ ቤት ተቀምጣ ቡና ሁለተኛ ደረሰ። ምን ታደርግልሽ ነበር፣ መቼ፣ የት ተቀምጣችሁ እያልኩ ስጠይቃት፣ በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ትሠራኝ ነበር። ራሴን በጉልበቷ መሐል ይዛ የእንግሊዝኛ ቃል ታስጠናኛለች፤ ስሳሳት ጉንጉኑን ጠበቅ ታደርገዋለች።» ንግግሩ ተገኘ። ያቺን ጠበቅ የምታደርግ እጅ የሰማ ሁሉ ሙሽሪትን አያት።

ለመፈለግ የሚረዳው ከዕቃ መጀመር ነው። የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕቃ፣ የተካፈላችሁት አንድ ብስኩት፣ ሱቅ ስትላኩ የጨበጣችሁት ሳንቲም፣ ለእቃ እቃ የሰበሰባችሁት ቆርኪ። ዕቃው ሲታወስ ቦታውና የተባለው ቃል ተከትሎት ይመጣል። እናትና አክስትንም ጠይቂ። እነሱ የሚያስታውሱት ከአንቺ ይለያል፤ መለያየቱ ራሱ አንዳንዴ ጥሩ ታሪክ ነው።

ትዝታውን ከሙሽራው ጋር እንዴት ላገናኘው?

ብዙ ንግግር የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሦስት ደቂቃ ከሩብ ስለ ልጅነት ይነገራል፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ «አንተም እንኳን ወደ ቤተሰባችን በደህና መጣህ» ይባላል። ሙሽራው ያኔ በሌላ ሰው ታሪክ ጫፍ ላይ እንደቆመ እንግዳ ነው። የእኔም የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነበር። ለአክስቴ ልጅ ሳነብላት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና «ሙሽራው የት አለ?» አለችኝ።

መፍትሔው ትዝታውን ከመጻፍሽ በፊት ስለ ሙሽራው አንድ ነገር መፈለግ ነው። ለራስሽ የምታቀርቢው ጥያቄ «እሱ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አይደለም። «ይህ ሰው ለቤታችን የሚሆን መሆኑን ያወቅሁት የቱ ጊዜ ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ቀን ይኖራል። አባትሽ ታመው ሌሊት ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የቀብር ድንኳን ሲተከል ማንም ሳይጠራው ገመድ የያዘ። ያንን ቀን ካገኘሽ በኋላ ወደ ልጅነታችሁ ተመለሺና እህትሽ ያንኑ ዓይነት ነገር ያደረገችበትን ጊዜ ፈልጊ። ሁለቱ ሲገናኙ ለምን እንደተመራረጡ አንቺ ሳታብራሪ ሰው ይረዳዋል።

ሁለቱ ታሪኮች የግድ አንድ መምሰል የለባቸውም። እህትሽ በልጅነቷ ጨለማ የምትፈራ ከነበረች፣ እሱ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ደውሎ «ሻማ አለሽ?» የሚል ከሆነ፣ እሱም ይገጥማል። የማይሆነው በግድ ማያያዝ ነው። «እህቴ ሱዚ ትወድ ነበር፣ እሱም ስፖርት ይወዳል» የሚል ነገር ሰው ያዝንልሽና ያጨበጭባል እንጂ ሙሽራውን ወደ ቤት አያስገባውም።

እስቲ የተናገርሽውን ሙሉውን አሳዪን።

በመልሱ ቀን፣ ከአባታችን ምርቃት በኋላ የተናገርኩት ይኸው ነው።

«እማዬ፣ አባዬ፣ የሙሽራው ወላጆች፣ ሁላችሁም እንግዶቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ የሙሽሪት ታናሽ እህት ነኝ። ቤት ውስጥ እታለም ነው የምላት፤ ዛሬም እንደዚያው ልጥራት።

«እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እታለም አሥራ አንድ። ሰኔ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ይፈሳል። እታለም ‹እግርሽን እንዳታስገቢ› አለችኝ። አስገባሁ። ጎርፉ የግራ ጫማዬን ይዞት ሄደ። ለፋሲካ የተገዛልኝ ጫማ ነው። ቆሜ ሳለቅስ አልተቆጣችኝም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የራሷን ጫማ አወለቀች። ከሒሳብ ደብተሯ መሐል ወረቀት ገነጠለች፣ ጠቅልላ ጫማዋ ጫፍ ውስጥ ወተፈችና እንዳይሰፋኝ አድርጋ አጠለቀችልኝ። እሷ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች ቤት ደረስን።

«እማዬ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ‹ጫማሽስ?› አልሽኝ። አፌን ሳልከፍት እታለም ‹እኔ ነኝ፤ ስጫወትበት ጎርፍ ወሰደብኝ› አለች። ያን እሑድ ከቤት እንዳትወጣ ቀጣሻት። እኔ ደጅ ሱዚ ስዘል እሷ በመስኮት ታየኝ ነበር። እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አልተናገርኩም። ጫማው የሄደው በእኔ ጥፋት ነው።

«አሁን ወደ ሙሽራው ልምጣ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ቡና የማፈላው እኔ ነበርኩ። ደንግጬ ነው መሰል፣ ጀበናውን ሳነሳ ከረከቦቱ ጠርዝ ጋር አጋጨሁትና አንገቱ ተሰበረ። የአያታችን ጀበና ነው። እማዬ ከጓዳ ‹ምንድን ነው?› ስትል፣ ይህ ሰው ገና ሁለተኛውን ሳይጠጣ፣ እኛም ገና ስሙን በቅጡ ሳንይዘው፣ ‹እኔ ነኝ እማማ፣ ክርኔ ነካብኝ› አለ። በሳምንቱ ቅዳሜ አዲስ ጀበና በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ያን ቀን እታለምን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው ስለዚያ ጫማ ነበር።

«እኛ ቤት ታላቅ ወንድም የለም። ‹ወንድም ጋሼ› ብዬ የምጠራው ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ፈቃድህ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አንተን እንደዚያ እጠራሃለሁ። ያመጣኸው ጀበና በአያታችን ጀበና ቦታ ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አለ፤ ሳትደውል ና። አንድ አደራ ብቻ ልስጥህ። እታለም ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ስትልህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እንደ እኔ ዝም ብለህ እንዳታልፋት።

«እንግዶቻችን፣ ብርጭቆአችሁን አንሱልኝ። ለእታለምና ለወንድም ጋሼ!»

ቆጥራችሁት ከሆነ ትዝታው አንድ፣ ስለ ሙሽራው የተነገረው አንድ፣ አደራው አንድ ነው። እህቴን ደግ፣ እሱን ጨዋ ያልኩበት ቦታ የለም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ሁለቱም ቃላት ነበሩ፤ ጫማውና ጀበናው ከገቡ በኋላ አወጣኋቸው። «ሳትደውል ና» የሚለው ደግሞ ለእኔ ከ«እንኳን ደህና መጣህ» ይበልጣል፤ እንግዳ ደውሎ ነው የሚመጣው፣ የቤት ልጅ ግን ዝም ብሎ ይገባል። እናንተም ለአዲሱ አማች የምትሰጡትን ነገር እንዲህ በሚታይ መልክ ፈልጉት። ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ቀን ሊሆን ይችላል፣ በበዓል ዶሮ ሲገነጠል የሚደርሰው ብልት ሊሆን ይችላል።

ሙሽራውን ምን ብዬ ልጥራው? አንተ ወይስ እርስዎ?

እሱ ለቤታችሁ አማች ነው፤ አንቺ ለእሱ ዋርሳ ነሽ። እነዚህ ግን ስለ ሰው የሚነገርባቸው ቃላት ናቸው እንጂ ፊት ለፊት አይጠሩባቸውም። «አማቻችን ሆይ» ብትይ የክስ መጥሪያ ይመስላል።

ታናሽ ከሆንሽ «ወንድሜ» ወይም ቤታችሁ ውስጥ ለታላቅ የሚባለውን ቃል ተጠቀሚ። በዕድሜ በጣም የሚበልጥሽ ከሆነና እስካሁን አንቱ ስትዪው ከኖርሽ በዚያው ቀጥዪ፤ በማይክ ፊት ድንገት ወደ አንተ መዞር ለሽማግሌ ጆሮ ይሻክራል። ለወላጆቹ ምንጊዜም እርስዎ ነው። ስማቸውን ብቻ አትጥሪ፤ ቢያንስ «የሙሽራው አባት»፣ «የሙሽራው እናት» በዪ። ፊታቸውን እያየሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጫቸው። «ልጃችሁን ሰጣችሁን» ብሎ ያመሰገነ የሙሽሪት ወገን ሲያዩ ብዙ እናቶች ዓይናቸው እንባ ይሞላል፤ በእኛ አገር ሰጪ ተብሎ የሚመሰገነው ዘወትር የሴት ቤተሰብ ነውና ያልጠበቁት ነገር ነው።

እኔ ታላቅ እህት ነኝ፤ ይለያል?

ይለያል። ታላቅ ስትናገር ሳታውቀው ወደ እናትነት ትሄዳለች፤ አዘልኳት፣ አጠብኳት፣ አስጠናኋት። ይህ ሙሽሪትን ሕፃን አድርጎ ያስቀራታል፣ ንግግሩም የአንቺ ውለታ ዝርዝር ይመስላል። ታናሽሽ አንቺን ያስተማረችበትን ወይም ያዳነችበትን አንድ ጊዜ ፈልጊ። ታላቅ ስለ ታናሿ «ከእሷ ተማርኩ» ስትል ሰው ጆሮውን ይሰጣል።

መነገር የሌለበት ምንድን ነው?

የቀድሞ ፍቅረኛ፣ በቀልድም ቢሆን። አልጋ ላይ መሽናት። በቤተሰብ ውስጥ ያልበረደ ጠብ። ወላጆችን ከሙሽራው ቤተሰብ ፊት ዝቅ የሚያደርግ የችግር ታሪክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ድህነት ማውራት አይከለከልም፤ አባትሽ ግን ያንን ቀን በኩራት ነው ወይስ በኀፍረት የሚያስታውሱት የሚለውን አስቀድመሽ እወቂ።

ሌላው የምርቃት ነገር ነው። «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ይሁንላችሁ»፣ «ውለዱ ክበዱ» የሽማግሌዎች ቃል ነው። አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ተብሏል፣ ተቀምጠሽም ሰምተሽ አሜን ብለሻል። እህት የምትጨምረው ሽማግሌ ሊያውቀው የማይችለውን ነው። በጥቅስ መክፈትም እንደዚሁ ነው። «ጋብቻ ክቡር ነው» የሚለውን ካህኑም፣ የመድረክ መሪውም፣ ምናልባት የኬኩ ጽሑፍም ብለውታል፤ አንቺ በቀጥታ ወደ ቦዩ ዳር ውሰጂን።

አባታችን በሕይወት የለም። ላንሳው ወይስ ልተወው?

አንሺው። ካላነሳሽው ቤቱ ሁሉ እያሰበው ዝም ይላል። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ቦታውም መሐል ላይ ነው፤ ከትዝታው በኋላ፣ ወደ ሙሽራው ከመዞርሽ በፊት። መጨረሻው ላይ ካደረግሽው ከለቅሶው ወደ ጽዋው የሚሻገር ሰው አይኖርም።

የሞተውን ሰው ትዝታው ውስጥ አንድ ሥራ ስትሰጪው ይቀላል። አንዲት የሰፈር ልጅ ያለችው እስካሁን በጆሮዬ አለ፦ «አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማታ በር የሚቆልፈው ሁላችንም መግባታችንን ቆጥሮ ነበር። ዛሬ ቢኖር አንድ ሰው ጨምሮ ይቆጥር ነበር።» ከዚያ ዞር ብላ ሙሽራውን አየችው። አባትም ታሰበ፣ ሙሽራውም ገባ፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር።

ሙሽራው ወይም ቤተሰቡ አማርኛ ባይሰሙስ? እኔስ በቦታው ባልኖር?

ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ቴል አቪቭ እንዲህ ዓይነት ሰርግ ብዙ ነው። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተረጎምሽ አትናገሪ፤ አራቱ ደቂቃ ስምንት ይሆናል፣ ሁለቱም ወገን ግማሹን ጊዜ የማይገባውን ሲሰማ ይቀመጣል። የሚሻለው መክፈል ነው። የልጅነቱን ታሪክ ወላጆችሽ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ሙሽራውን የምትቀበይበትን ክፍል እሱ በሚሰማው ቋንቋ ተናገሪ። የታሪኩን ትርጉም በወረቀት አሳትመሽ የእነሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪላቸው። እንደ «እታለም» ያለውን ቃል ግን አትተርጉሚው፤ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሐረግ ነግረሻቸው ቃሉን እንዳለ አሰሚያቸው። የሙሽራው እናት ከዚያ በኋላ እህትሽን በዚያ ስም ስትጠራት ብትሰሚ አትገረሚ።

አረብ አገር ሆነሽ ፈቃድ ካላገኘሽ በቪዲዮ መላክ ይቻላል። ያኔ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ፤ ስክሪን ላይ ያለን ሰው ሰው ቶሎ ይተወዋል። መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል ውስጥ ቅጂው፤ ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። ፋይሉ ከሰርጉ አንድ ቀን በፊት ዲጄው እጅ ገብቶ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ መሞከር አለበት። በስልክ ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሹክሹክታ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጅቷ ከቤይሩት ስታለቅስ ይታያል፣ የምትለው ግን አይሰማም ነበር። ሙሽሪት ከወንበሯ ተነስታ ስክሪኑ ሥር ሄዳ ቆመች።

ጽዋው ምን ይሁን?

ቤቱ የሚጠጣውን። ጠጅ ከሆነ ጠጅ፣ የማይጠጣ ሰው ካለ ብርዝ ወይም ለስላሳ። ዋናው «አንሱልኝ» ከማለትሽ በፊት የሁሉም ብርጭቆ መሞላቱ ነው። አስተናጋጆቹን ንግግርሽ ከመጀመሩ በፊት እንዲቀዱ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ መጨረሻው ላይ ግማሹ ሰው ባዶ እጁን አንስቶ ጎረቤቱን ያያል።

ባለቅስስ?

የት ላይ እንደምታለቅሺ ሳትደርሺበት ታውቂዋለሽ። ቤት ስትለማመጂ በየቀኑ ድምፅሽ የሚይዝሽ አንድ ቃል አለ። የእኔ «በመስኮት ታየኝ ነበር» የሚለው ላይ ነበር። ያቺን መስመር በወረቀቱ ላይ ለብቻዋ ጻፊያት፣ ከፊቷ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ስትናገሪያትም እህትሽን አትዪ። እኔ ያየሁት የሙሽራውን አጎት ነው። እህትሽን የምታዪበት ቦታ ኋላ ይመጣል።

ጽሑፉን በስልክ አትያዢ። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት በላዩ ይገባበታል፣ ስክሪኑም በመሐል ይጠፋል። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፊው፤ ቀጭን ወረቀት ከእጅሽ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩም ድምፁን ይወስደዋል። አንዱን ቅጂ ለአንድ ወንድም ወይም ለአክስት ልጅ ስጪ፣ ከአቃተሽ ተነስቶ እንዲጨርስልሽ።

ለሙሽሪት አስቀድሜ ላሳያት? ትዝታውን ሌላው ሰው በሌላ መንገድ ቢያስታውሰውስ?

ንግግሩን አታሳዪያት፣ ትዝታውን ግን አስፈቅጂያት። የእሷ ታሪክም ነው። እኔ ከሰርጉ ሳምንት በፊት ጥፍሯን እየተቀባች ሳለ «ስለ ጫማው ልናገር?» አልኳት። ብሩሹን አቆመችና «እማዬ ትሰማለች እኮ» አለች፤ ይህን ያህል ዓመት አልፎም። ከዚያ ሳቀችና «ተናገሪ» አለችኝ። ስለ ጀበናው ግን አልነገርኳትም፤ እሱ ለእሷም እንግዳ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ለእናቴም አስቀድሜ አልነገርኩም። በመልሱ ማታ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጓዳ ገብተን ሰሐን ስናነሳ፣ ፊቷን ሳታዞር «የጫማውንማ አውቅ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«የእህትሽን ጫማ ከሰል ዳር ላደርቅ ሳነሳው ጫፉ ውስጥ የራሰ የደብተር ወረቀት አገኘሁ። ለእሷ እግር ጫማው ልክ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርግላታል?»

«ታዲያ ለምን ቀጣሻት?»

«ስለዋሸችኝ ነዋ» አለች እናቴ። «አንቺን ደግሞ እስክትነግሪኝ ጠብቄ ነበር።»